ሞተር ላይ የዩኤስቢ ቻርጀር መግጠም፦ ፊውዙ ከባትሪው ጥግ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል። ከዓመታት በፊት ሞተሬ ላይ የስልክ ቻርጀር በገዛ እጄ ገጥሜ ነበር። ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ቀይ ሽቦ ስቤ፣ በታንከሩ ሥር አሳልፌ፣ መሪው ላይ ካሰርኩት ሶኬት ጋር አገናኘሁት፤ በቃ አለቀ። ሁለት ወር ያህል ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ ግን ወደ ግራ ስታጠፍ ቻርጁ ይቋረጥ፣ መሪው ቀጥ ሲል ይመለስ ጀመር። «ሶኬቱ ርካሽ ስለሆነ ነው» ብዬ ናቅሁት። አንድ ቀን ማለዳ ሐረጎን እየወጣሁ ሳለ ከታንከሩ ሥር የላስቲክ ሽታ መጣ፤ አፍንጫዬ ካወቀው በኋላ ጭሱ ለመታየት ጊዜ አልወሰደበትም። ሞተሩን ዳር አቁሜ፣ ወንበሩን ነቅዬ፣ ሽቦውን ከባትሪው ላይ በእጄ ጎትቼ በጠስኩት። የቀለጠው ላስቲክ የተለጠፈበት ጣቴ ላይ ጠባሳው እስካሁን አለ።

ሽቦው በመሪው አንገትና በሻንሲው መካከል እየተቆነጠጠ ቆይቶ ነበር። ቻርጁ ይቋረጥ የነበረው የውስጡ ክሮች አንድ በአንድ እየተበጠሱ ስለነበር ነው። በመጨረሻ ላስቲኩ ራሱ ተፋቀና ራቁቱን የቀረው መዳብ ብረቱን ነካ። ሻንሲው ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያ ሾርት ነው። ትንሽ የሞተር ባትሪ እንኳ ሾርት ሲሆን ቀጭን ሽቦን እንደ ምድጃ ብረት የሚያግል ኃይል አለው፤ ያ ሽቦ ደግሞ ቤንዚን ከያዘ ታንከር ሥር ነበር። ሽቦው ላይ፣ ከባትሪው ጥግ አንድ የ3 አምፔር ፊውዝ ቢኖር ኖሮ ስልኬ ቻርጅ ማድረግ ያቆም ነበር እንጂ ሌላ ምንም አይፈጠርም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለሰውም የምገጥመው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደሴ ዕቃ የሚያመላልስበትን ትንሽ ሞተር ይዞ መጣ፤ እሱን ስገጥም ያደረግሁትን በየተራው እጽፋለሁ።

«ከፊት መብራቱ ላይ ቢቀጥሉልኝ»

ልጁ ሶኬቱን ገዝቶ በላስቲክ አንጠልጥሎ ነበር የመጣው። «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም እኮ። ከፊት መብራቱ ላይ ቢቀጥሉልኝ ይበቃል» አለኝ።

«አብሽር፣ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሳና መብራቱን እንየው» አልኩት።

አስነሳው፤ መብራቱ ቦግ አለ። ቤንዚን ሲሰጥ ደመቀ፣ ሲለቅ ደበዘዘ። ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ብቻ ሲከፍት ደግሞ የፊት መብራቱ ጭራሽ አልበራም። ይህ ምልክት ብዙ ነገር ይነግራል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የፊት መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ከባትሪው ሳይሆን ከዲናሞው በቀጥታ ነው። ያ ኃይል እንደ ቤት መብራት ወዲያና ወዲህ የሚገለባበጥ ነው፤ ቮልቱም ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ይወጣል ይወርዳል። የዩኤስቢ ሶኬት ግን በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ፣ የተረጋጋ የባትሪ ኃይል ይፈልጋል። ከእንዲህ ያለ መብራት ላይ የተቀጠለ ሶኬት አንድ ቀን ይሠራና በማግስቱ ይሞታል፤ ስልኩንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ኃይሉ ከባትሪው ይምጣ። የፊት መብራታችሁ ሞተሩ ሳይነሳ የሚበራ ቢሆንም እኔ ከመብራት ሽቦ ላይ አልቀጥልም፤ ሐረጎን በጉም ሲወርዱ እንዳይጠፋ የሚፈለግ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

የፊውዙ ልክ ከየት ይመጣል

ሶኬቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ። የልጁ ሶኬት ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ 5 ቮልት 2.1 አምፔር፣ ሌላው 5 ቮልት 1 አምፔር ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ 3.1 አምፔር በ5 ቮልት ነው፤ 5 በ3.1 ሲባዛ 15.5 ዋት ይሆናል። ሶኬቱ ራሱ ቮልቱን ሲያወርድ ጥቂቱን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ከባትሪው የሚስበው ወደ 18 ዋት ገደማ ነው እንበል። 18ን ለ12 ቮልት ስናካፍል 1.5 አምፔር እናገኛለን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለውን 3.1 አይቶ በባትሪው ሽቦ ላይም 3.1 የሚያልፍ ይመስለዋል። ቮልቱ ከ12 ወደ 5 ሲወርድ አምፔሩ ስለሚጨምር በባትሪው በኩል የሚያልፈው ግማሽ ያህሉ ነው።

1.5 ለሚስብ ዕቃ 3 አምፔር ፊውዝ ልክ ነው። ለሥራው ይበቃል፣ ሾርት ሲሆን ደግሞ በቅጽበት ይቃጠላል። ሶኬቱ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከሆነና በእያንዳንዱ ቀዳዳ 18 ዋት የሚሰጥ ከሆነ፣ ሁለቱ 36፣ ከብክነቱ ጋር ወደ 42 ዋት፣ ማለትም 3.5 አምፔር ስለሚሆን 5 አምፔር ፊውዝ ያስፈልገዋል። ለትንሽ ሞተር ግን ያን ያህል መሳብ ብዙ ነው፤ ዲናሞው በዝቅተኛ ፍጥነት መብራቱንም ባትሪውንም ይዞ ያን ላይችለው ይችላል።

ፊውዙ የሚጠብቀው ስልኩን አይደለም፤ ሽቦውን ነው። ስለዚህ ልኩ ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው በታች መሆን አለበት። እኔ የምጠቀመው 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ነው፤ ለ3ም ለ5ም አምፔር ያለ ጭንቀት ይበቃል። ክረ ብዙ ይሁን። የቤት መብራት የሚዘረጋበትን ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ ብቻ የሆነውን ሽቦ ተዉት፤ ንዝረት ሲበዛበት መታጠፊያው ላይ ይሰበራል።

ከመነሳታችሁ በፊት በእጃችሁ ይሁን

ሶኬቱ የጎማ ክዳን ያለው ይሁን። ጠፍጣፋ ፊውዝ የሚገባበት፣ ክዳን ያለውና ከሁለት በኩል ሽቦ የወጣለት የፊውዝ ቤት፣ ከነጥቂት ባለ 3 አምፔር ፊውዞቹ ግዙ፤ ባለ 3ቱ ቀለሙ ሐምራዊ ነው። ባለ አራት እግር የ12 ቮልት ሪሌ ከነመሰኪያው፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ እያንዳንዱ 2 ሜትር ተኩል፣ ለባትሪው ጫፍ ሁለት ባለ ቀለበት ተርሚናል፣ ለመቀጠያ የሚጨመቁ ማያያዣዎች፣ ሲሞቅ የሚኮማተር ቱቦ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስፈልጋሉ። ከመሣሪያ ቺያቤ፣ ካቻቢቴ፣ መጭመቂያ ፒንሳና ቴስተር ይበቃሉ። አንድ የፍሬቻ አምፑል ከሁለት ቁራጭ ሽቦ ጋርም አዘጋጁ፤ ምን እንደምንሠራበት ኋላ ታዩታላችሁ።

ሪሌ በትንሽ ኃይል ተቀስቅሶ ትልቁን ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ባትሪው ላይ በቀጥታ የተገጠመ ሶኬት ስልክ ባይሰካበትም ጥቂት ጥቂት ይስባል፤ ውስጡ ያለው ዑደትና ሰማያዊዋ መብራት አይተኙም። 10 ሚሊ አምፔር ብቻ ይስባል ብንል በቀን 0.24 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የልጁ ባትሪ ላይ የተጻፈው 5 አምፔር ሰዓት ነው። ሞተሩን አቁሞ ለአሥር ቀን አዲስ አበባ ቢሄድ ሲመለስ ግማሹ ባትሪ የለም። ቮልት የሚያሳይ ቁጥር ያለው ሶኬት ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሪሌ ካለ ቁልፉ ሲዘጋ ሶኬቱ ፈጽሞ ይቋረጣል። ዋናው ኃይል በራሱ ሽቦና በራሱ ፊውዝ ከባትሪው ይመጣል፤ ከሞተሩ የራሱ ሽቦ የምንወስደው ሪሌውን የሚቀሰቅሰውን ትንሽ ኃይል ብቻ ነው፣ ከ0.2 አምፔር አይበልጥም።

መጀመሪያ ቁልፉን የሚከተል ሽቦ ፈልጉ

ይህን የምንሠራው ባትሪው ሳይፈታ ነው፤ ኃይል ከሌለ ቴስተሩ የሚያሳየው ነገር የለም። ቴስተሩን ቀጥተኛ ቮልት መለኪያው ላይ፣ 20 ላይ አድርጉት። ጥቁሩን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያዙ።

እኔ ሁልጊዜ የምሄደው ወደ ኋላ ፍሬን ማብሪያው ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የኋላውን መብራት የሚያበራው ትንሽ ማብሪያ። በአብዛኛው ሞተር ከባትሪው ቅርብ፣ ከጎን ሽፋኑ ሥር ነው። ሁለት ሽቦ አለው። አንደኛው ቁልፉ እንደተከፈተ 12 ቮልት ያሳያል፤ ሁለተኛው የሚያሳየው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነው። የምንፈልገው የመጀመሪያውን ነው። ቁልፉ ሲዘጋ ወደ ዜሮ መውረዱን አረጋግጡ። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ቤንዚን እየሰጣችሁ እንደገና ለኩ፤ ከ13 እስከ 14 ተኩል ባለው መካከል ረግቶ መቆየት አለበት። እየዘለለ ከ15 የሚያልፍ ከሆነ የሞተሩ ቮልት መቆጣጠሪያ ተበላሽቷል። እሱ ሳይሠራ ሶኬት አትግጠሙ፤ ባትሪውንም እየገደለው ነው። የሽቦ ቀለም ማመን አልወድም። አንዴ ተከፍቶ የተጠገነ ሞተር ላይ ቀለሙ ምንም አይነግርም፤ ቴስተሩን እመኑ።

የልጁ ሞተር ጠፍቶ 12.6፣ በዝቅተኛ ፍጥነት 13.2፣ ቤንዚን ሲሰጠው 14.2 አሳየ። ጤነኛ ነው። ቁጥሮቹን ጻፏቸው፤ መጨረሻ ላይ እናነጻጽራቸዋለን።

ባትሪውን ፍቱ፣ ኔጋቲቩን አስቀድሙ

ቁልፉን ዝጉ። መጀመሪያ የሚፈታው ኔጋቲቭ፣ መጨረሻ የሚታሰረውም ኔጋቲቭ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኔጋቲቩ እንደታሰረ ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቺያቤው ተንሸራቶ ሻንሲውን ቢነካ በቺያቤው በኩል ሾርት ይሆናል። ብልጭታው ቡሎኑን ያቀልጣል፣ እጅም ያቃጥላል። ኔጋቲቩ አስቀድሞ ከተፈታ ግን ቺያቤው የፈለገውን ቢነካ ምንም የለም።

ሽቦውን በምቾት ለመዘርጋት ታንከሩን ማንሳት ይሻላል። የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ፣ ቱቦውን ፍቱ፣ ጠብታውን ጥረጉ። አካባቢው ላይ ሲጋራም ሆነ ላይተር አይኑር፤ ታንከሩን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ሽቦውን ዘርጉ እንጂ ገና አታገናኙ

ሶኬቱን መሪው ላይ እሰሩ። አፉ ወደ ሰማይ አይሁን፤ ወደ ተቀማጩ ወይም ትንሽ ወደ ታች ይዘንበል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሴ የሚዘንበውን የሚያውቅ ለምን እንደምል ይገባዋል። ሽቦው ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ ይውጣ፤ ያኔ በሽቦው ላይ የሚፈሰው ውሃ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ ጀርባ አይገባም።

ከሶኬቱ ቀይና ጥቁሩን አንድ ላይ በመከለያ ቱቦ አድርጋችሁ፣ የሞተሩን የራሱን ዋና ሽቦ ተከትላችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። እሱ ያለፈበት ቦታ ከሙቀትም ከመቆንጠጥም ተጠብቆ የታሰበበት ነው። ከሞተሩ ሲሊንደርና ከማርሚታው አርቁት፣ ከቤንዚን መስጫው ገመድ ጋር አብራችሁ አትሰሩት።

አሁን ወደ እኔ ጠባሳ መጣን፤ የመሪው አንገት። እዚያ ቦታ ሽቦውን ላላ አድርጋችሁ ተዉት። መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራ፣ ከዚያ እስከ ጥጉ ወደ ቀኝ አዙሩ፤ እያዞራችሁ ሽቦው ላይ አፍጥጡ። ሲዞር የሚወጠር ከሆነ አጥሯል። መሪው ሲቆም የሚመታበት ብረት ሽቦውን የሚነካ ከሆነ መንገዱ ተሳስቷል። በዓይን የማይታይ ከሆነ በጣት እየዳበሳችሁ አዙሩት። እዚህ ላይ አሥር ደቂቃ ብታጠፉ አይቆጫችሁም። እኔ የልጁን ሞተር ሦስቴ ፈትቼ ሦስቴ አስሬዋለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ነው የረካሁት።

ግንኙነቱ

ሪሌውን ከጎን ሽፋኑ ሥር፣ እግሮቹ ወደ ታች እንዲመለከቱ እሰሩት። እግሮቹ ላይ ቁጥር አለ፤ 30፣ 87፣ 85 እና 86። 30 ላይ በፊውዙ በኩል የሚመጣው የባትሪው ፖዘቲቭ ይገባል። 87 ወደ ሶኬቱ የሚሄደው ቀይ ሽቦ ነው። 86 ከፍሬን ማብሪያው የምንወስደው ቁልፉን የሚከተል ሽቦ፣ 85 ደግሞ ኔጋቲቭ ነው። የገዛችሁት ሪሌ አምስት እግር ካለውና መሃሉ ላይ 87a የሚል እግር ካለ፣ እሱን አትንኩት። ያ እግር የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ቁልፉ ሲዘጋ ኃይል ይሰጣል፣ ሲከፈት ያቋርጣል። እሱ ላይ ያገናኘ ሰው ሞተሩ ሲቆም ስልኩ ቻርጅ ሲያደርግ፣ ሲነዳ ሲያቆም አይቶ ግራ ይጋባል።

የፊውዙ ቤት ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ15 ሳንቲ ሜትር በማይርቅ ቦታ ይሁን። ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ ወዲያ ያለውን ሽቦ ብቻ ነው፤ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለችው ቁራጭ ያለ ጠባቂ ናት። አንዳንዱ ሰው «መቀየር ይቀለኛል» ብሎ መሪው ላይ፣ ሶኬቱ ጥግ ያስቀምጠዋል። ያ ፊውዝ ሐረጎ ላይ የደረሰብኝን ነገር ምንም አያድነውም፤ ሽቦዬ የተፋቀው ከፊውዙ በፊት ይሆን ነበርና። የፊውዙ ቤት ይታሰር፣ ግን ፊውዙን ገና አትክተቱ።

ጥቁሩን ሽቦ ሻንሲው ላይ በአንድ ቡሎን ማሰር ይቻላል፤ ብዙ ሰው ማሳ የሚለው እሱን ነው። እኔ ግን እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ እወስደዋለሁ። ቀለምና ዝገት በበዛበት ሻንሲ ላይ ግንኙነቱ ከጊዜ በኋላ ይደክማል፤ ሶኬቱ ይበራል፣ ስልኩ ግን አንዴ ቻርጅ እያደረገ አንዴ እያቆመ ያስቸግራል።

ከፍሬን ማብሪያው ሽቦ የምትወስዱትን ቅጥያ በዚያው 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አድርጉት። የሚያልፍበት ኃይል ትንሽ ቢሆንም የሚጠብቀው የሞተሩ የራሱ ፊውዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ስለሆነ እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ ሾርት ቢሆን ፊውዙ ሳይቃጠል ሽቦው ሊቃጠል ይችላል። አቀጣጠሉ እንዲህ ነው፤ የሚኮማተረውን ቱቦ መጀመሪያ አስገቡ (ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው)፣ ሽቦውን ቁረጡ፣ አንዱን ጫፍ ከአዲሱ ሽቦ ጋር አጣምራችሁ በማያያዣው አንድ በኩል፣ ሌላውን በሌላው በኩል ከትታችሁ በፒንሳ ጭመቁ፤ ከዚያ ጎተት አድርጋችሁ ሞክሩት። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ሞተር ላይ አይሠራም። የኮምቦልቻ ሙቀት የፕላስተሩን ማጣበቂያ ያቀልጠዋል፣ ንዝረቱ ደግሞ የተጠመዘዘውን ይፈታዋል። በስታኞ መበየድ የሚወድ ሰው አለ፤ አይከፋም፣ ግን ብየዳው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሽቦው ድርቅ ስለሚል እዚያው ይሰበራል። ከበየዳችሁ ግራና ቀኙን እንዳይወዛወዝ እሰሩት።

አምፑሉ የተጠራበት ሥራ

አሁን ባትሪውን እሰሩ፤ ፖዘቲቩን አስቀድማችሁ፣ ኔጋቲቩን አስከትላችሁ። የፊውዙ ቤት ባዶ ነው። ቀጥታ ፊውዝ ከመክተት ይልቅ የፍሬቻ አምፑሉን ሁለት ሽቦዎች ፊውዙ በሚገባባቸው ሁለት ቦታዎች ሰኩ። አሁን ኃይሉ የሚያልፈው በአምፑሉ ነው፤ የሆነ ቦታ ሾርት ካለ አምፑሉ ሙሉ ብርሃኑን ያበራል እንጂ ምንም አይቃጠልም። አምፑሉ 10 ዋት ከሆነ ከ1 አምፔር ያነሰ ነው የሚያሳልፈው።

ቁልፉ ተዘግቶ አምፑሉ ፈጽሞ መብራት የለበትም። ከበራ ከፊውዙ እስከ ሪሌው ባለው ሽቦ ላይ ችግር አለ። ቁልፉን ክፈቱ፤ ሪሌው ጠቅ ሲል ይሰማል። ሶኬቱ ላይ ምንም ካልተሰካ አምፑሉ አሁንም ጨለማ መሆን ወይም እንደ ሞተ ፍም ያህል ብቻ መታየት አለበት። ሙሉ ከበራ ችግሩ ከሪሌው ወዲያ ነው፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ ድገሙት። ሶኬቱ ሲነቀል ከጠፋ ጥፋቱ የሶኬቱ ነው፣ ካልጠፋ የሽቦው። እንዲህ ሆኖ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩ፣ ሽቦዎቹን በእጅ ነቅነቅ አድርጉ፤ አምፑሉ ለቅጽበት እንኳ ብልጭ ካለ የተፋቀ ቦታ አለ ማለት ነው።

የልጁ ሞተር ላይ አምፑሉ ዝም አለ። ነቅዬ ሐምራዊውን ባለ 3 ፊውዝ ከተትኩ፤ ሰማያዊዋ መብራት በራች። ታንከሩን መልሰን አስረን፣ ሞተሩን አስነስተን ሁለት ስልክ ሰካን፤ ባትሪው ላይ በዝቅተኛ ፍጥነት 13.0፣ ቤንዚን ሲሰጥ 14.1 አሳየ። ከቅድሙ ጋር ስናነጻጽረው እምብዛም አልወረደም፤ ዲናሞው ችሎታል። የእናንተ በዝቅተኛ ፍጥነት ከ12.7 በታች ከወረደ ባትሪው ከሚሞላው በላይ እየተወሰደበት ነው፤ ቆማችሁ ስትጠብቁ ስልኩን ንቀሉት። ሞተሩን አጥፍተን ቁልፉን ስንዘጋ ሰማያዊዋ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ሞተች። ግማሽ ሰዓት ቻርጅ ካደረገ በኋላ የፊውዙን ቤት በጣት ነካነው፤ ቀዝቃዛ ነው። የሚሞቅ የፊውዝ ቤት ካጋጠማችሁ በላላ ተጨምቋል፤ አውጥታችሁ እንደገና ጭመቁት።

መኪና ከሆነ

በመኪና ሥራው ይቀላል። ከኩሩስኮቶው ሥር የፊውዝ ሳጥን አለ፤ ቁልፉን የሚከተል የሲጋራ መለኮሻ ወይም የሬዲዮ ፊውዝ ፈልጋችሁ፣ በእሱ ቦታ የሚሰካና ሁለት ፊውዝ የሚይዝ መቀጠያ ትጠቀማላችሁ። የቀድሞው ፊውዝ በራሱ ልክ አንዱ ቦታ ላይ ይመለሳል፣ የሶኬቱ ባለ 3 ወይም ባለ 5 ሌላው ላይ ይገባል። መቀጠያው ተገልብጦ ከተሰካ የሶኬቱ ኃይል በሁለቱም ፊውዝ በኩል ያልፋል፤ ይህን ለማወቅ የቀድሞውን ፊውዝ አውጡና ሶኬቱ መሥራቱን እዩ፤ ከሠራ ልክ ነው። የኤርባግ፣ የፍሬንና የሞተር መቆጣጠሪያ ፊውዞችን አትንኩ።

ነሐሴ ላይ የተመለሰው

ልጁ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። «ጋሼ፣ ቦርከና ድልድይ ላይ ቻርጁ ጠፋ፤ ሞተሩ ግን ምንም አልሆነም፣ ደሴ ደርሼ ተመለስኩ።» የፊውዙን ቤት ከፈትኩ፤ ሐምራዊው መሃሉ ተበጥሶ ጠቁሯል። ጓደኛው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ሊከትለት ነበር፤ ልጁ ግን እንቢ ብሎ ይዞልኝ መጣ። ያ ወረቀት ቢገባ ኖሮ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነበር።

ፊውዝ ዝም ብሎ አይቃጠልምና አዲስ ከመክተቴ በፊት አምፑሉን ሰካሁ። ቁልፉ ሲዘጋ ጨለማ፤ ሲከፈት ሙሉ በራ። ሶኬቱን ስነቅል ጠፋ። ስለዚህ ወደ መሪው ሄድኩ። ሶኬቱን የያዘው ነት በንዝረት ላልቶ፣ ሶኬቱ በራሱ ላይ ዞሮ፣ ጀርባው ላይ ያለው የፖዘቲቭ እግር የመስተዋቱን ማሰሪያ ብረት ነክቷል። ብረቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሶኬቱን ጀርባ ሁለት እግሮች ሳልሸፍን ነበር የተውኳቸው። ሁለቱንም በሚኮማተር ቱቦ ሸፈንኳቸው፣ ከነቱ ሥር የጎማ ቀለበት አስገብቼ አጠበቅሁት፣ አዲስ ባለ 3 ፊውዝ ከተትኩ። ሌሎች ሁለት ትርፍ ፊውዞች በላስቲክ ጠቅልዬ ከጎን ሽፋኑ ውስጥ አሰርኩለት።